ስልኬ 14 ወር ሲሞላው፦ ምን ተበላሸ፣ ምንስ የተበላሸ መሰለኝ?

ስልክ በተገዛ ሳምንት ሁሉም ነገሩ ያምራል። የእኔ 14 ወር ሞልቶታል። ዋጋው መካከለኛ የሆነ፣ ባለ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ አንድሮይድ ስልክ ሲሆን የገዛሁት በ24,000 ብር ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ «አለቀለት» ብዬ ወደ ጥገና ልወስደው ተነስቼ ነበር። በእውነት ባለሙያ የሚያስፈልገው ግን አንዱ ችግር ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ባትሪው ቶሎ ያልቃል

ባትሪውን ከመውቀስ በፊት በሁለት ሌሊት የሚያልቅ ፈተና አለ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩ ስንት በመቶ እንደሆነ ጽፋችሁ ተኙ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደግማችሁ እዩ። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ይህንኑ ድገሙ። የእኔ ስልክ በመጀመሪያው ሌሊት 17 በመቶ፣ በሁለተኛው 3 በመቶ ብቻ ቀነሰ። ባትሪው ራሱ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ሌሊት በብዛት ይወርድ ነበር።

ምክንያቱ ኔትወርክ ነበር። መኝታ ክፍሌ ከግቢው ጀርባ ስለሆነ ምልክቱ አንድ መስመር ላይ ይንጠለጠላል። ስልክ ደግሞ ምልክቱ በደከመ ቁጥር ጉልበቱን ጨምሮ ያስተላልፋል፤ ሲጠፋበትም ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። እኔ ጋ ሁለት ሲም ስላለ ድካሙ እጥፍ ነበር። ብዙም የማልጠቀምበትን ሲም ከቅንብሮች ውስጥ ሳጠፋው የሌሊቱ ፍጆታ ወደ 8 በመቶ ወረደ። የአውሮፕላን ሁነታ መተግበሪያዎችንም ከኢንተርኔት ስለሚያቋርጥ፣ በእናንተ ስልክ ጥፋቱ የእነሱ ሊሆንም ይችላል። ይህን ለመለየት የባትሪ አጠቃቀም ዝርዝሩን ተመልከቱ፤ ያልከፈታችሁት መተግበሪያ ከላይ ከተቀመጠ ተጠያቂው እሱ ነው።

28 በመቶ ላይ እያለ ድንገት ይጠፋል

ይህኛው ሌላ በሽታ ነው። በ13ኛው ወር አንድ ምሽት ካሜራውን ከፍቼ ፍላሹ ሲበራ ስልኩ ድርግም አለ። ቻርጀር ላይ ሰክቼ ስከፍተው 26 በመቶ ያሳያል። ዋናው ምልክት ይህ ነው፦ ጠፍቶ ሲነሳ ብዙ ኃይል እንዳለው የሚናገር ስልክ ባትሪው አርጅቷል። ያረጀ ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ካሜራና ፍላሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጠይቁት ቮልቴጁ ይወድቅና ስልኩ ራሱን ይዘጋል።

ለዚህ ቅንብር አይረዳም፤ ባትሪው መቀየር አለበት። ሙቀት እርጅናውን ያፋጥነዋል፤ እኔም ቻርጅ እያደረግሁ ትራስ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ የማይ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በስልኩ ላይ አልጭንም። ሲቀየር መጠኑ ከዋናው ጋር እኩል ሆኖ «7,000» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ባትሪ አትቀበሉ። የስልኩ ጀርባ ከጠርዙ ብድግ ብሎ ካያችሁ ደግሞ ባትሪው አብጧል፤ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ አትጫኑት፣ ባለሙያ ሳያየውም አትክፈቱት።

የማታ ፎቶ ጭጋግ ለበሰ

መብራት ባለበት ሁሉ ጭጋግና የብርሃን ጨረር ይታይ ጀመር። ሌንሱ የተጫረ መስሎኝ ነበር። ጥፋተኛው ግን ሌንሱን ይጠብቅልኛል ብዬ ያስለጠፍሁት ተጨማሪ መስታወት ነው። በእሱና በሌንሱ መካከል አቧራና የጣት ቅባት ገብቶ ብርሃኑን ይበትነዋል። ከደጃፌ ያለውን የመንገድ መብራት መስታወቱ እያለ አንድ ጊዜ፣ ከተነሳ በኋላ አንድ ጊዜ ፎቶ አነሳሁት፤ በሁለተኛው ፎቶ አምፖሉ ጠርዝ ነበረው። መስታወቱን መልሼ አልለጠፍሁም። መስታወቱ ተነስቶም ጭጋጉ ካልጠፋ እርጥበት ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ገመዱ ካልተጣመመ ቻርጅ አያደርግም

ሁለት ገመድ ከገዛሁ በኋላ ነው በባትሪ መብራት ቀዳዳውን ያየሁት። የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም ነበር። ስልኩን አጥፉ፤ በቀጭን የእንጨት ጥርስ መጎርጎሪያ ከግድግዳው ጥግ ቀስ እያላችሁ አውጡ። መርፌ አይሆንም፤ መሐል ላይ ያለችውን ስስ ምላስም አትንኩ። ከእኔ ስልክ የወጣው ብናኝ የስንዴ ቅንጣት ያህል ነበር።

ታዲያ ገንዘቡ ያዋጣል?

24,000 ብር ለ14 ወር ሲካፈል በወር 1,714 ብር ገደማ ነው፤ አሁን ብጥለው ውድ ነው። ባትሪ ለመቀየር 2,500 ብር ጠየቁኝ። ሌላ አንድ ዓመት ካገለገለኝ 26,500 ብር ለ26 ወር ማለት ነው፤ በወር ወደ 1,019 ብር ይወርዳል። ስሌቱን የሚያፈርሰው አንድ ነገር ነው፦ አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ መላክ ካቆመ የባንክ መተግበሪያ በሚከፈትበት ስልክ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አልመክርም። የመጨረሻው ማሻሻያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ በቅንብሮች ውስጥ «ስለ ስልክ» በሚለው ሥር ይገኛል። የእኔ የመጨረሻ ማሻሻያ ከመጣ ሁለት ወር ብቻ ስለሆነው ባትሪውን አስቀየርሁ። ጀርባው አንዴ ስለተከፈተና ውሃ የሚከላከለው ማጣበቂያ ስለተላቀቀ ግን ዝናብ ሲጥል አሁን ከጃኬቴ ውስጠኛ ኪስ አላወጣውም።