የመጀመሪያው ሌቨል ያለ ጽሑፍ ሲያስተምር የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ምሳሌያችን ከጎን የሚታይ የዝላይ ጌም ነው። የመጀመሪያው ሌቨል ሦስት ነገር ያስተምራል፦ ዝላይ፣ አየር ላይ ወደፊት መወርወር (ዳሽ) እና ከግድግዳ ወደ ግድግዳ መዝለል። ገጸ ባሕሪው 1 ታይል ይሰፋል፣ በሰከንድ 8 ታይል ይሮጣል፣ በአንድ ዝላይ 3 ታይል ወደ ላይና 4 ታይል ወደፊት ይሄዳል። ዳሹ ተጨማሪ 4 ታይል ይሰጠዋል። የእናንተ ቁጥሮች ከዚህ ከተለዩ ስሌቱን በእነሱ ሥሩት።

ተጫዋቹ ጽሑፉን ሳያነብ ያልፍና «በየትኛው ነው የሚዘለለው?» ይላል

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። መመሪያው የመጣው ገና ሳይፈለግ ነው። ሰሌዳውን አጥፉትና ከመነሻው 6 ታይል ያህል ርቆ 2 ታይል ከፍታ ያለው ግድግዳ አቁሙ። ግራውን ዝጉት። 3 ታይል አታድርጉት፤ ዝላዩ ልክ እዚያ ስለሚያበቃ ቁልፉን በትክክል ያገኘውም ሰው ሊወድቅና የተሳሳተ ቁልፍ የነካ ሊመስለው ይችላል። በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የመጀመሪያ ሌቨል በዚህ መንገድ ነው የተሠራው፤ ማሪዮ ግራ በኩል ቆሞ ይጀምራል፣ ባዶው ቦታ በቀኙ ነው፤ ከሳጥኑ የወጣው እንጉዳይም ቧንቧ ጋር ተጋጭቶ ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል።

በእውነት ለተቸገረ ሰው የቁልፉን ምስል ብቻ አሳዩት፣ ያውም ዘግይቶ። በጎዶት እንዲህ ይሆናል፦

```gdscript
func _process(delta):
    if inside and not learned:
        stuck += delta
    hint.visible = stuck > 8.0 and not learned
```

`inside` ተጫዋቹ እንቅፋቱ አካባቢ ሲገባ እውነት፣ ሲወጣ ሐሰት ይሁን። አለዚያ ሌላ ቦታ የሚዞር ሰው ላይ ሰዓቱ ይቆጥርበታል።

ሌቨሉን ጨርሷል፣ ዳሽን ግን አንዴም አልነካም

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዲዛይነሩ «ዝላዩ 4 ታይል ነው፣ ስለዚህ የ5 ታይል ገደል ያለ ዳሽ አይታለፍም» ብሎ ያስባል። ግን ይታለፋል። ገጸ ባሕሪው የሚነሳው የኋላ ጠርዙ መሬት ላይ እያለ ነው፣ የሚያርፈው ደግሞ የፊት ጠርዙ ወዲያኛው ዳር ሲደርስ። ስለዚህ የራሱ ስፋት 1 ታይል ይጨመራል፤ 5 ሆነ። ከጠርዙ ከወጣ በኋላ ለ0.1 ሰከንድ መዝለል የምትፈቅዱለት ከሆነ (ብዙ ጌሞች ይፈቅዳሉ) ሌላ 0.8 ታይል ያገኛል። ጠቅላላው 5.8 ነው።

6 ታይል ብታደርጉት በቁጥር አይታለፍም፤ ሆኖም ጫፉን ለጥቂት የሳተ ተጫዋች «ትንሽ ብጠነቀቅ ኖሮ» ብሎ ዝላዩን ደጋግሞ ይሞክራል እንጂ ሌላ ቁልፍ አይፈልግም። 7 ታይል አድርጉት። ዝላይ ብቻውን እንደማይበቃ ዓይን ራሱ ይፈርዳል፣ በዳሽ ግን እስከ 9.8 ስለሚደርስ ጀማሪም ይሻገራል። ወዲያኛው ዳር ካሜራው ውስጥ መታየቱን አረጋግጡ፤ ማረፊያውን ያላየ ሰው አይወረወርም። ወርቁን ወይም ሳንቲሙን በዳሹ መስመር ላይ፣ ከዝላዩ ጫፍ ጀምራችሁ አግድም ደርድሩት።

መጀመሪያ ገደል ላይ ደጋግሞ ሞቶ ጌሙን ይዘጋል

ትምህርቱና ቅጣቱ አንድ ላይ መጥተዋል። የመጀመሪያው ገደል ሥር እሾህ አይኑር፤ ጠፍጣፋ ወለልና በግራ በኩል ወደ መነሻው የሚመልስ ደረጃ ይበቃል። እሾሁ ለሁለተኛው ገደል ነው፣ ቼክፖይንቱም ከእሱ በፊት ይምጣ።

ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን አይጠቀምበትም

በ3 ታይል ስፋትና በ8 ታይል ጥልቀት የተሠራ ጉድጓድ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ሌላ መውጫ የለም። ጎድሎ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ነው። ገጸ ባሕሪው ግድግዳ ሲነካ አወራረዱን አዝግሙት፣ አኳኋኑን ለውጡ፣ ከእግሩ ሥር ጥቂት አቧራ አስነሱ። ሲዘል ሳያስበው ግድግዳውን ይነካዋልና «ይህ ግድግዳ ይይዘኛል» ብሎ ይገምታል። ምልክቱ ሌላ ቦታ ላይ፣ በማይዙ ግድግዳዎች ላይ፣ እንዳይታይ።

ለየብቻቸው ችሏቸዋል፣ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ይወዛገባል

እያንዳንዱን አንዴ ብቻ ስለሠራው አልለመደውም። ከየትምህርቱ በኋላ በሌላ ቅርጽ አንድ ድግግሞሽ አስገቡ፣ ከዚያ ሁለቱን አጣምሩ፣ ሦስቱ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወዲያው 7 ታይል ገደል።

ጌሙን ፈጽሞ አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጡት፤ እናንተ ዝም በሉ፣ በየክፍሉ የፈጀውን ጊዜ ብቻ መዝግቡ። የማጣመሪያው ክፍል ብቻ ከዘገየ ድግግሞሽ ጨምሩ። አንድ ነገር የሚያስተምረው ክፍልም ከዘገየ ግን ድግግሞሽ አይረዳም፤ የዚያን ክፍል ልክና ምልክት እንደገና መርምሩ።