ቻርጀር አዛችሁ ሌላ ሲመጣ፦ ይመለስ፣ ይያዝ ወይስ መጀመሪያ ይነገር?

ሜክሲኮ ካለ ሱቅ በቴሌግራም ለኤችፒ ላፕቶፕ 65 ዋት ቻርጀር ታዘዘ እንበል። ክፍያው በቴሌብር አልቋል፤ ሞተረኛውም አራት ኪሎ ድረስ አምጥቶ አስረክቦ ሄዷል። ሲሰካ ልክክ ይላል፣ ላፕቶፑም ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል። ነገር ግን ሥራ ሲበዛበት የባትሪው መጠን ባለበት ይቆማል፣ አንዳንዴም ተሰክቶ እያለ ይቀንሳል። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የተሰካው ቻርጀር አቅሙ አነስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

ይህ ብዙውን ጊዜ የቻርጀር ብልሽት አይደለም፤ የመጣው ሌላ ቻርጀር ነው። የኤችፒ ሰማያዊ ጫፍ ያለው መሰኪያ (4.5 በ3.0 ሚሊ ሜትር) ለ45 ዋቱም ለ65 ዋቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው ጀርባቸው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። «አውትፑት» የሚለውን መስመር ፈልጉ። 19.5 ቮልት 3.33 አምፔር ካለ ሲባዛ 65 ዋት ገደማ ይመጣል። 19.5 ቮልት 2.31 አምፔር ካለ ግን 45 ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን አትመኑ፤ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ከካርቶን መቀያየሩ ያለ ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ማሳወቅ

ስህተቱ እንደታወቀ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ሞተረኛውን ጠርቶ ዕቃውን ለመመለስ ነው። ይህን አታድርጉ። ሞተረኛው ብዙ ጊዜ የሱቁ ሠራተኛ አይደለም፤ ዕቃው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ምን እንደመጣላችሁ የሚያሳይ ማስረጃም አብሮት ይሄዳል። ሱቁ «እኛ የላክነው ትክክለኛውን ነው» ካለ መልስ የላችሁም።

ቻርጀሩን ንቀሉትና ዳግም አትጠቀሙበት። ከዚያ ሦስት ፎቶ አንሱ፦ የቻርጀሩን ጀርባ ቁጥሮቹ እስኪነበቡ ቀርባችሁ፣ ካርቶኑን ከነተለጠፈበት ወረቀት፣ ሁለቱን ደግሞ ጎን ለጎን። ቀጥሎ ያዘዛችሁበትን ማስታወቂያ ከቻናሉ ወደ Saved Messages ፎርዋርድ አድርጉ። ቻናል ላይ ያለ ጽሑፍ በኋላ ሊስተካከል ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ ግን እንዳለ ይቀራል። ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ደግሞ ስክሪንሾት አንሱት፤ በቴሌግራም የግል ውይይት አንዱ ወገን ለሁለቱም ማጥፋት ይችላል። የቴሌብሩ መልእክት ከነግብይት ቁጥሩ ይቀመጥ።

አሁን ለሱቁ ጻፉ። ስልክ መደወል ክፋት የለውም፤ ነገር ግን በስልክ የተባለ ነገር በጽሑፍ ካልተከተለ ነገ አይገኝም። መልእክቱ አጭር ይሁን፦

«ሰላም፣ ዛሬ የደረሰኝ ቻርጀር 45 ዋት (2.31 አምፔር) ነው። ያዘዝኩትና የከፈልኩት ለ65 ዋት ነው። ፎቶው ከላይ አለ። አልተጠቀምኩበትም/ሰክቼ ሞክሬዋለሁ። እንዲቀየርልኝ እፈልጋለሁ፤ የሞተር ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ያሳውቁኝ።»

ሰክታችሁ ሞክራችሁ ከሆነ እውነቱን ጻፉ። ለመሞከር አንዴ መሰካት ጥፋት አይደለም። ለሳምንት ተጠቅሞ «አልነካሁትም» ማለት ግን ቀሪውንም ጥያቄ ያበላሻል።

መመለስ ያለበት መቼ ነው?

ከላይ ያለው ቻርጀር ይመለስ። ላፕቶፑ 65 ዋት የሚፈልግ ከሆነ 45 ዋቱ ሁልጊዜ በአቅሙ ጫፍ ላይ ይሠራል፤ በጣም ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሻጩ «ያው ነው፣ ቻርጅ ያደርጋል» ቢላችሁ የዋጋ ቅናሽ ቢሰጥም አትያዙት።

ቮልቱ የተለየ ከሆነማ መሞከርም አያስፈልግም። እንዲሁም «ኢንፑት» የሚለው መስመር ላይ 100–240 ቮልት መኖሩን እዩ። 110 ቮልት ብቻ ከሆነ የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ መሰካት ማለት ማቃጠል ነው፤ ያቃጠላችሁትን ዕቃ ደግሞ ማንም አይመልስላችሁም።

ሱቁ በጽሑፍ «መልሱት» ካለ በኋላ ቻርጀሩን ከነካርቶኑና ከነገመዱ አሽጉት፤ ሞተረኛው ሲረከብም ፎቶ አንሱ። የሚሻለው ግን ሞተረኛው አዲሱን ይዞ መጥቶ አሮጌውን በዚያው እንዲወስድ መስማማት ነው። ሱቁ ስቶ የላከው ከሆነ የምልልሱ ሒሳብ የሱቁ ነው። ሞዴሉን ሳትነግሩ «የኤችፒ ቻርጀር» ብቻ ብላችሁ አዝዛችሁ ከሆነ ግን ወጪውን መካፈል ተገቢ ነው፤ ስህተቱ የሁለታችሁም ነው።

መያዝ የሚያዋጣበት

45 ዋት አዝዛችሁ 65 ዋት ከመጣ፣ ቮልቱ 19.5 መሰኪያውም ያው ከሆነ፣ ያዙት። ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው፤ የበለጠ አምፔር አይጎዳውም። ሆኖም ሳትነግሩ አትያዙት። ዋጋው የሚበልጥ ከሆነ ሱቁ ልዩነቱን መጠየቅ ወይም ዕቃውን መልሶ መውሰድ መብቱ ነው።

ሌላው የሚያዝ ቻርጀሩ ልክ ሆኖ የግድግዳው ገመድ ብቻ ሲሳሳት ነው፤ ለምሳሌ የእኛ ሶኬት የማይቀበለው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ። ገመዱ ከቻርጀሩ ስለሚለያይ ገመዱን ብቻ እንዲቀይሩ ጠይቁ። ጥርሱን ቆርጦ ወይም በግድ አስገብቶ መጠቀም እሳት ያመጣል።

የሌላ ሰው ዕቃ ከመጣ

ካርቶኑ ላይ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ካለ ሞተረኛው ሁለት ደንበኛ አቀያይሯል ማለት ነው። ይህ ብቻ ነው መጀመሪያ ሞተረኛው የሚደወልለት፤ የእናንተን ዕቃ ለሌላው ሳያስረክብ ሊደርሱበት ይችላሉ። ካርቶኑን አትክፈቱት፤ ወዲያው ለሱቁም ጻፉ።

ሱቁ ዝም ካለ

«ነገ እልካለሁ» የሚለው ተደጋግሞ ቀኑ እንዳያልፍ ተጠንቀቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው መልእክት ቀኑን ይዞ በጽሑፍ መኖር ያለበት። ደረሰኝ ካልተሰጣችሁም አሁኑኑ ጠይቁ።

ሱቁ የሚታወቅ አድራሻ ካለው ፎቶውን፣ መልእክቱንና ደረሰኙን ይዛችሁ ሱቁ ወዳለበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። አድራሻ የሌለው፣ ስልኩንም ያጠፋ ሻጭ ከሆነ ጉዳዩ የዕቃ ስህተት ሳይሆን ማታለል ሊሆን ስለሚችል ለፖሊስ ይቀርባል። በቴሌብር ለግለሰብ የተላከ ገንዘብ እናንተ ስለጠየቃችሁ ብቻ ከተቀባዩ ላይ አይነሳም፤ የግብይት ቁጥሩና የተቀባዩ ስም ግን ለአቤቱታው ዋና ማስረጃ ናቸው።

ገና ያልከፈላችሁ ከሆነ፣ ማለትም ክፍያው ዕቃው ሲደርስ ከሆነ፣ ሞተረኛው ቆሞ እያለ ካርቶኑን ከፍታችሁ የአምፔሩን ቁጥር አንብቡ። ልክ ካልሆነ አትረከቡ፤ ሱቁ ጋር በእሱ ስልክ ደውላችሁ እዚያው ጨርሱት።