«እስቲ አንድ ገጽ ሠርተሽ አሳይን» ሲሉሽ ምን ትመልሻለሽ?

ሐዋሳ ውስጥ በግሌ ግራፊክ ዲዛይን እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የምግብ ቤትና የካፌ ሜኑ ነው። በየወሩ ሁለት ሦስቴ በቴሌግራም እንዲህ የሚል መልእክት ይደርሰኛል፦ «ሥራሽን አይተናል፣ ቆንጆ ነው። እስቲ ለኛም አንድ ገጽ ሠርተሽ አሳይን፤ ከተመቸን እንዋዋላለን።»

በጀመርኩበት ዓመት እሺ እል ነበር። ለአንድ ማረፊያ ቤት ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ሠራሁና ላክሁ። ከዚያ ዝም አሉ። ከሁለት ወር በኋላ ጓደኛዬ እዚያው ምሳ ስትበላ ሜኑውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከርዕሱ ሥር ያስገባኋት ቀጭን መስመር እንኳ ሳትቀር የኔው ገጽ ነበር። ሌሎቹን ገጾች ሌላ ሰው በዚያው ልክ ሞልቷቸዋል። ያን ቀን በጣም ከፋኝ። ግን ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ በደንብ ያየሁትም ያኔ ነው።

ችግሩ፦ «አንድ ገጽ ብቻ» ትንሽ ትመስላለች

ሜኑ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ስምንት ገጽ ካለ አንድ ገጽ የሥራው አንድ ስምንተኛ ነው ብሎ ያስባል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ እንደዚያ የሚያስበው ከልቡ ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። የፊደሉ ዓይነት፣ የቀለሙ፣ የዋጋው ዓምድ የት ይቁም የሚለው፣ በምግቦቹ መካከል ስንት ክፍተት ይኑር የሚለው ሁሉ የሚወሰነው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።

እዚህ ከተማ ደግሞ ሜኑው ብዙ ጊዜ በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በእንግሊዝኛ ይሆናል። ሲዳምኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ቃሉ ይረዝማል፤ መስመሩ ወደ ሁለተኛ ረድፍ ሲወርድ ዋጋው ከምግቡ ስም ይለያያል። ያንን ማስተካከል ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። የሰዓት መዝገቤን ሳየው ባለ ስምንት ገጽ ሜኑ ወደ 18 ሰዓት ይወስድብኛል፤ ከዚያ ውስጥ 6ቱ የሚያልቁት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ «አንድ ገጽ በነፃ» ማለት የሥራውን ሲሶ በነፃ ማለት ነው። ያውም ለመኮረጅ የሚመቸውን ሲሶ።

እናንተ ሜኑ ባትሠሩም ይህን ስሌት ለራሳችሁ ሥራ አንድ ጊዜ ሥሩት። በሥራችሁ ውስጥ ዋናው ውሳኔ የሚያልቀው የት ላይ ነው? ተርጓሚ ከሆናችሁ የቃላት ምርጫው የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ነው። ለሎጎ ደግሞ ሐሳቡ ራሱ ሥራው ስለሆነ ትንሽ ናሙና የሚባል ነገር የለም።

ምክንያቱን በምን እንለያለን?

ነፃ ናሙና የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ አይደለም። እኔ ያየሁት ሦስት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ገንዘቡን ከፍሎ የማይሆን ነገር እንዳይደርሰው የሚፈራ ነው፤ ምናልባት ከዚህ በፊት ቀብድ ተበልቶበታል። ሁለተኛው ምን እንደሚፈልግ ገና አልወሰነም፤ «ሳየው አውቀዋለሁ» የሚል ነው። ሦስተኛው ከአራት አምስት ሰው ናሙና ሰብስቦ ጥሩ ጥሩውን የሚለቅም ነው።

ሦስቱም የሚጽፉት መልእክት አንድ ዓይነት ስለሆነ ከመልእክቱ መለየት አይቻልም። የሚለየው ስትጠይቁት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልሴ እሺም እምቢም አይደለም። በዚያው ቀን እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። ትክክለኛውን ነገር እንዳሳይዎ ሦስት ነገር ልጠይቅ። ሜኑው ስንት ምግብ ይኖረዋል፣ በስንት ቋንቋስ? የሚታተመው መቼ ነው? የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላም ሰው አለ?»

ይህን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የሚሰበስበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጠፋል፣ ወይም ጥያቄውን ዘሎ «መጀመሪያ ናሙናውን ላኪ» ይላል። ያልወሰነው ሰው «እሱን በኋላ እንነጋገራለን፣ አንቺ እንደመሰለሽ ሥሪው» ይላል። የሚፈራው ሰው ግን በዝርዝር ይመልሳል፤ አንዳንዴ የድሮ ሜኑውን ፎቶ ጨምሮ ይልካል። ከሦስቱ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እሱ ነው።

መፍትሄው፣ በአንድ ሰው ላይ እንየው

ባለፈው ዓመት በሐይቁ በኩል የዓሣ ቤት ሊከፍቱ የተዘጋጁ አንድ ትልቅ ሰው ያንኑ መልእክት ላኩልኝ። ጥያቄዬን ስልክላቸው ደወሉ። ምግቡ 34 ነው፣ ቋንቋው ሦስት፣ ለማተሚያ ቤት የሚገባው በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ወሳኙም እሳቸው ናቸው። ቀጥለው፦

«የኔ ልጅ፣ ባለፈው አንዱ ልጅ ግማሽ ብር ተቀብሎኝ ስልኩን ዘጋ። ለዚያ ነው መጀመሪያ ልይ ያልኩሽ።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ። እንዲህ ሆኖብዎ ቢፈሩ አይገርመኝም» አልኳቸው።

ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። እሳቸው የሚፈልጉት አዲስ ገጽ አይደለም፤ የማልጠፋ ሰው መሆኔን ነው። ይሄንን ደግሞ ያለ ምንም አዲስ ሥራ ማሳየት ይቻላል። ከዚህ በፊት የሠራኋቸውን ሁለት ሜኑዎች ፎቶ ሳይሆን ታትመው ጠረጴዛ ላይ ያሉበትን ቦታ ነገርኳቸው። አንደኛው ፒያሳ ያለ ቤት ነው፤ ሄደው በእጃቸው ይዘው አዩት፣ ባለቤቱንም አነጋገሩ። ይህ ብቻ ብዙ ሰው ያሳምናል።

እሳቸው ግን አሁንም የራሳቸውን ምግብ በገጹ ላይ ማየት ፈለጉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሚከፈልበት ሙከራ አቀረብኩ፦

«ጋሼ፣ ሙሉ ሥራው 9,000 ብር ነው። አንዱን ገጽ፣ የዓሣ ጥብሱንና የለብለቡን ክፍል፣ በሦስቱም ቋንቋ በ3,000 ብር እሠራለሁ። ሐሙስ ይደርስዎታል። ከወደዱት 3,000ው ከጠቅላላው ላይ ይታሰባል፤ 3,000 ስንቀጥል፣ 3,000 ደግሞ ፋይሉን ሲረከቡ ይከፍላሉ። ካልወደዱት እዚያው ላይ እናቆማለን፣ ገጹን በፒዲኤፍ ይወስዳሉ፣ ሌላ ዕዳ የለብዎትም።»

3,000 ያልኩት በግምት አይደለም። 9,000ን ለ18 ሰዓት ሳካፍለው በሰዓት 500 ብር ይመጣል፤ የመጀመሪያው ገጽ 6 ሰዓት ነው። ቢቀጥሉም ቢያቆሙም ጊዜዬ አይባክንም። እሳቸውም ቢበዛ የሚያጡት ሲሶውን ነው፣ ያውም ለእሱ ገጽ ይዘው። በማግስቱ በቴሌብር ላኩ። ሐሙስ ገጹን አሳየኋቸው፣ ቆሮሶ የሚለውን ቃል ከፍ አድርጊልኝ አሉ፣ ቀጠልን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሙከራው ከጠቅላላው ላይ ይታሰባል» የሚለው ቃል ከሌለ ሰውየው ተጨማሪ ወጪ ይመስለዋል። ቀኑ ካልተጠቀሰ ደግሞ ሙከራው ራሱ ማለቂያ ያጣል።

ያልወሰነው ሰውስ?

ለእሱ ናሙና መሥራት መፍትሄ አይሆንም፤ አንዱን ሲያይ ሌላ ያምረዋልና። ይልቅ የ20 ደቂቃ ስልክ ስጡት፣ ከ20 ደቂቃ ግን አትለፉ። የሚወዳቸውን የሦስት ቤቶች ሜኑ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁት። ከላከ ወስኗል ማለት ነው፣ ወደ ሙከራው ትሄዳላችሁ። ካልላከ «ሲዘጋጁ ይደውሉልኝ» ብላችሁ ተሰናበቱት። እኔ እንዲህ ካልኳቸው ሰዎች ከወራት በኋላ ተመልሰው ያሠሩኝ አሉ።

ችግር፦ የጠየቀው ዘመድ ነው

ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። «የአክስትሽ ጎረቤት ነው፣ አንድ ነገር ሠርተሽ ብታሳዪው ምን አለበት?» ይባላል። ይሉኝታ ይይዘናል። እኔ ለሥጋ ዘመድ መስጠት ከፈለግሁ ዋጋ እቀንሳለሁ እንጂ ናሙና በነፃ አልሠራም። የተቀነሰ ዋጋ ስንት እንደሆነ ይታወቃል፤ የነፃ ናሙና ግን መጨረሻው የት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የምለው አጭር ነው፦ «ለእርስዎ ሲሆን 9,000ው 7,500 ይሁን። አሠራሩ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ በመጀመሪያ ገጽ እንጀምራለን።»

ችግር፦ ናሙናውን ልኬ ዝም አሉ

የሙከራው ክፍያ ገብቶ ቢሆንም ገጹን በመጀመሪያ የምልከው እንደ ፎቶ ነው፣ ስፋቱ 800 ፒክስል ሆኖ፣ ስሜ በመሃሉ ደብዘዝ ብሎ ተጽፎበት። ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ኤ4 ላይ ለማተም ግን ወደ 2,480 ፒክስል ስፋት ስለሚያስፈልግ ማተሚያ ቤት ሲወስዱት ይደበዝዛል። ፒዲኤፉን የምሰጠው አይተው መልስ ሲሰጡኝ ነው፤ ክፍቱን ፋይል ደግሞ ሙሉ ክፍያው ሲያልቅ።

ይህ ግን ገጹን እንዳለ ከማተም እንጂ አይቶ ከመሥራት አያድንም። ለሎጎማ ጭራሽ አይረባም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ደብዛዛውን ምስል አይቶ በግማሽ ሰዓት ይስለዋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ሳታስመዘግቡም ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቅላችኋል፣ ሐሳቡን ግን አይጠብቅም። ለ3,000 ብር ፍርድ ቤት መመላለስም ከሥራው የበለጠ ቀን ይወስዳል። አዋጁን የማነሳው ገጼ ታትሞ ካገኘሁት ብቻ ነው፤ ያኔ የላክሁበትን ቀን የሚያሳየውን የቴሌግራም መልእክት አያይዤ ክፍያ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ያንን ንግግር አታጥፉት።

ሰውየው አይቶ ዝም ካለ ደግሞ አራት ቀን እጠብቅና አንዴ ብቻ እጽፋለሁ፦ «ጋሼ፣ ገጹ እንዴት ሆነልዎ? እስከ ሰኞ ካሳወቁኝ በያዝነው ቀን አደርሳለሁ። ከሰኞ ካለፈ ቦታውን ለሌላ ሥራ ስለምሰጠው እንደገና ቀን እንይዛለን።» ሰኞ ካለፈ ሁለተኛ አልጽፍም፤ ቀኑን ለሚቀጥለው ሰው እሰጠዋለሁ።