ከምሠራበት ባንክ አክሲዮን ቀስ ብዬ እንዴት እንደወጣሁ

ጎንደር ከተማ ባለው ቅርንጫፉ የምሠራበት ባንክ ደሞዜን ይከፍላል፤ የቤት ብድሬም የእሱ ነው። ካለኝ 1 ሚሊዮን ብር ውስጥ ደግሞ 800 ሺው የራሱ አክሲዮን ነበር። ባንኩ ቢንገዳገድ ደሞዜም ቁጠባዬም አብረው ይመታሉ።

መጀመሪያ መጨመሩን አቆምኩ። የትርፍ ድርሻዬ ወደ አክሲዮን እንዲዞር የሰጠሁትን ፈቃድ ሰርዤ ገንዘቡን በእጄ ወሰድኩ። ባንኩ ካፒታል ሲያሳድግ በቅድሚያ የመግዛት መብቴንም ተውኩት። የባለቤትነት ድርሻዬ ትንሽ ቀነሰ፤ ይቀንስ።

ሽያጩ ላይ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። የ300 ሺው አክሲዮን ከሌላ ባንክ ለወሰድኩት ብድር መያዣ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መያዣው ሳይነሳ ስሙ አይዛወርም። ስለዚህ ነፃ የሆነውን 500 ሺ ብቻ በየተራ ሸጥኩ። ውሉ ላይ ገና ያልተከፈለው የዓመቱ ትርፍ የማን እንደሆነ በግልጽ አጻፍን፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚያ ነውና። የገዢው ስም በባንኩ የአክሲዮን መዝገብ ላይ መስፈሩን ሳላረጋግጥም አለቀ አላልኩም።

ባልደረቦቼ «የሌላ ባንክ ግዛበት» አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ የገንዘብ እጥረት ሲመጣ ባንኮች አብረው ነው የሚታመሙት። በአብዛኛው ገንዘብ መንግሥት ለ91 ቀን የሚበደርበትን የግምጃ ቤት ሰነድ ገዛሁበት። የዋጋ ንረት ወለዱን ሊበልጠው ይችላል፤ ቢሆንም ከአሠሪዬ ዕጣ ጋር አልታሰረም። መያዣ ውስጥ ያለው ብድሩ ሲያልቅ ይለቀቃል።