የተከማቸ ባክሎግን እንዴት ማጥራት ይቻላል፦ የሞተውን መዝጋት፣ ተደጋጋሚውን ማዋሃድ፣ የቀረውን ማሰለፍ

የአንድ ሶፍትዌር ቡድን ባክሎግ፣ ማለትም ገና ያልተሠሩ ሥራዎችና ቅሬታዎች እያንዳንዳቸው እንደ ቲኬት የተመዘገቡበት ዝርዝር፣ ሲያብጥ ብዙዎች የሚወስዱት እርምጃ ለስድስት ወር ማንም ያልነካውን ቲኬት ሁሉ በጅምላ መዝጋት ነው። ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ ያጥራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን አንድ ቲኬት መቆየቱ መሞቱን አያሳይም። ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ምናባዊ የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ ሶፍትዌር ይዘን እንነሳ።

1. ዝርዝሩን አውጥቶ ማስቀመጥ

ቲኬቶችን ለመመዝገብ ጊትሃብ የሚጠቀሙ ከሆነ ከአንድ ቀን ወዲህ ምንም ያልተጻፈባቸውን ክፍት ቲኬቶች፣ ከአሮጌው ጀምሮ፣ በዚህ ትእዛዝ ያወጣሉ፦

```
gh issue list --state open --limit 200 --search "updated:<2025-01-01 sort:updated-asc"
```

በጂራ ደግሞ እንዲህ ይፈለጋል፦

```
statusCategory != Done AND updated <= -180d ORDER BY updated ASC
```

ውጤቱን ወዲያውኑ ወደ ሠንጠረዥ ይገልብጡት። በጊትሃብ ቲኬቱ ላይ ምልክት መለጠፍ ወይም አንድ መስመር አስተያየት መጻፍ ብቻውን የመጨረሻ ለውጡን ቀን ያድሰዋል። ዛሬ ምልክት ለጥፈው ነገ ያንኑ ፍለጋ ቢደግሙ ቲኬቶቹ ከዝርዝሩ ይጠፋሉ።

በዚህ ደረጃ ምንም አይዝጉ። ያረጀው ቲኬት ለአዲሱ ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል መዝጋቱ ከማዋሃዱ በኋላ ይመጣል።

2. “ይህን ቲኬት ያስከፈተው ሁኔታ ዛሬም አለ?” ብሎ መጠየቅ

ሁለት አሮጌ ቲኬቶችን እንመልከት። የመጀመሪያው “ገጹ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይዛባል” ይላል። ማይክሮሶፍት ለዚህ ማሰሻ የሚሰጠውን ድጋፍ በሰኔ 2014 ዓ.ም. አቁሟል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ክሊኒኩ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አሁንም በእሱ እየሠራ ሊሆን ይችላል። የሰርቨሩ መዝገብ የጎብኚዎችን ማሰሻ ስለሚያሳይ በቅርብ ወራት ማንም በዚያ አለመግባቱን ማረጋገጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ማንም ከሌለ ቲኬቱ ሞቷል።

ሁለተኛው በ2016 ዓ.ም. መስከረም የተከፈተ ነው፤ “የቀጠሮ ቀን በአንድ ቀን ይሳሳታል” ይላል። እስከ የካቲት አጋማሽ ቅሬታ ሲጻፍበት ቆይቶ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ያስተካከለው ሰው የለም። በጅምላ የሚዘጋ ቡድን ይህን ከመጀመሪያው ጋር ይዘጋዋል።

ምክንያቱ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ፕሮግራሙ መስከረም 1 ሁልጊዜ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብሎ ይገምታል። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የነበረበት ዓመት ስለሆነ የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር። ሶፍትዌሩ መስከረም 9 የሆነውን ቀን መስከረም 10 እያለ ቀጠሮ ሰጠ። ስሕተቱ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 እስኪያልፍ፣ ማለትም እስከ የካቲት 21 ቆየና በራሱ ጠፋ። ያ ዝምታ ችግሩ ተፈታ ማለት አልነበረም። ጳጉሜን 6 በ2019 ሲመጣ ያው ስሕተት ለወራት ይመለሳል።

3. ተደጋጋሚዎችን በምክንያታቸው ማዋሃድ

በዚሁ ባክሎግ ቀንን የሚመለከቱ ሦስት ቲኬቶች አሉ እንበል፦ “ቀጠሮ በአንድ ቀን ይሳሳታል”፣ “ቅጹ ጳጉሜን 6ን አይቀበልም”፣ “የታካሚው ዕድሜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት በልጦ ይታያል”። ርእሱን ብቻ የሚያይ ሰው ሦስቱንም “የቀን ችግር” ብሎ ይጠቀልላቸዋል።

መለያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ አንዱ ቢስተካከል ሌላው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚመነጩት ቀን መቁጠሪያው ጳጉሜን 6ን ካለማወቁ ነው፤ ስለዚህ አንድ ናቸው። ሦስተኛው የተለየ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ የልደት ዓመቱን 1990 ብላ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስታስገባ ፕሮግራሙ የፈረንጆች አድርጎ ያነበዋል። የጳጉሜን 6 ጉዳይ ቢፈታም የዕድሜው ስሕተት እንዳለ ይቀራል። እነዚህን “ተዛማጅ” ብሎ ማያያዝ ይበቃል። በስሕተት ያዋሃዱ እንደሆነ አንዱ ተፈትቶ ቲኬቱ በተዘጋ ማግስት የሌላው ባለቤት ይደውላል።

የሚቀረው ቲኬት የግድ መጀመሪያ የተከፈተው መሆን የለበትም። ስሕተቱን እንደገና ለማሳየት የሚያስችሉ እርምጃዎች በግልጽ የተጻፉበትን ያስቀሩ። ከሚዘጋው ላይ የስክሪን ምስሎችንና ችግሩ የደረሰባቸውን ቅርንጫፎች ወደዚያ ያሸጋግሩ፤ ርእሱንም ምክንያቱን እንዲናገር ይለውጡት፦ “ቀን መቁጠሪያው ጳጉሜን 6ን አያውቅም”። ጊትሃብ ላይ በሚዘጋው ቲኬት ውስጥ `Duplicate of #31` ብለው አስተያየት ቢጽፉ መድገሙ ይመዘገባል።

4. አሁን መዝጋት

የሞቱትን አይሰርዙ፤ ምክንያቱን ጽፈው ይዝጉ። የተዘጋ ቲኬት በኋላ ሲፈለግ ይገኛል፤ የተሰረዘ ግን ከነታሪኩ ይጠፋል።

```
gh issue close 88 --reason "not planned" --comment "በዚህ ማሰሻ የሚገባ ተጠቃሚ የለም። ካለ እንደገና ይክፈቱት።"
```

የሚያጠራጥረውን ለከፈተው ሰው ጠይቀው ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። መልስ ካልመጣ ይዘጋል።

5. የቀረውን በጥቅምና በስጋት ማሰለፍ

ለእያንዳንዱ ቲኬት “ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ” የሚል ደረጃ መስጠት ብዙ አይረዳም፤ ባለቤቱን ቢጠይቁት የሁሉም ከፍተኛ ነው። ሁለት ሁለቱን እያነጻጸሩ “በዚህ ወር አንዱ ብቻ የሚደርስ ቢሆን የትኛው ይሁን?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቢያንስ ሦስት ሰው ይቀመጥ፦ ውሳኔ የሚሰጠው፣ ኮዱን የሚያውቀው፣ የደንበኛውን ስልክ የሚያነሳው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ጥቅሙን በደንብ የሚያውቀው ግን እሱ ነው።

ስጋት ሲባል ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንዱ ሥራውን ስንጀምር የሚገጥመን ያልታወቀ ነገር ነው። ሌላው ሳንሠራው ብንተወው የሚደርሰው ጉዳት ነው። ለየብቻ ይጻፏቸው።

በምሳሌያችን “ክፍያ በቴሌብር” ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ግን የግንኙነቱ አሠራርና የሚጠይቀው ፈቃድ ለቡድኑ አዲስ ነው። እንዲህ ያለው ወደ ላይ ይወጣል። እንቅፋት ካለው እቅዱን መለወጥ በሚቻልበት ጊዜ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ሙሉውን ከመጀመር በፊት አንድ የሙከራ ክፍያ ብቻ ለማሳለፍ ጥቂት ቀን ይመደብ። “በ07 የሚጀምር ስልክ ቁጥር አይቀበልም” የሚለው ጥቅሙ ትልቅ፣ ሥራው የታወቀ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ያ ቅጽ ታካሚዎችን እየመለሰ ነው። በሥርዓቱ ሁለተኛ ይሰለፋል፤ የሁለት ሰዓት ሥራ ከሆነ ግን ወረፋ ማስጠበቁ ግትርነት ነው፣ ነገውኑ ይሠራ። የሪፖርቱን ቀለም መቀየር ጥቅሙም ስጋቱም ትንሽ ስለሆነ ክፍተት ሲገኝ ይሞላል። “ሁሉንም በአዲስ ቋንቋ እንደገና እንጻፍ” የሚለው ለታካሚው የሚጨምረው ትንሽ፣ ያልታወቀው ብዙ ነውና ይዘጋል።

ጳጉሜን 6ስ? ለመሥራት ቀላል ነው፣ መተዉ ግን ጉዳት አለው፤ የሚያስቸኩለውም የሚታወቅ ቀን ስላለው ነው። እንዲህ ያለውን በ“ዝቅተኛ” ውስጥ አይቅበሩት፤ በቲኬቱ ላይ “ከነሐሴ 2019 በፊት” የሚል የመጨረሻ ቀን ይጻፉበት።

በቅደም ተከተል የሚቀመጡት የላይኛዎቹ አሥር ወይም አሥራ አምስት ብቻ ናቸው። ከዚያ በታች ያለውን መደርደር ድካም ነው፤ ተራው ሳይደርስ ሁኔታው ይለወጣል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ አስቀድመው የሚያዩት እንደገና የተከፈቱትን ይሁን። እነሱ በብዛት ከታዩ ያለፈው ማጥራት በችኮላ የተሠራ ነበር፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሰው የተዘጉበትን ምክንያት ያንብቡ።