ሥልጠናው አልቆ ሥራው ሲደናቀፍ፦ የመጋዘንና የሒሳብ ሠራተኞች የኢ.አር.ፒ ሥልጠና ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ከዚህ በታች የተጻፈው ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ዘንድ የመጋዘንና የሒሳብ ሥራን የሚያገናኘው ኢ.አር.ፒ የተባለ የኮምፒውተር ሲስተም ሲገባ የሥልጠናውን ዕቅድ ስናወጣና ስንጠግን ያየነው ነው። መጋዘኑ ሳቢያን፣ ሒሳብ ክፍሉ ከዚራ ነበር፤ ሠራተኞቹ በስልክ እንጂ በአካል ብዙም አይገናኙም። የመጀመሪያው ሥልጠና ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ለሁለት ቀን በፕሮጀክተር የተሰጠ ሲሆን፣ ሁሉም ተካፍለው ፈርመዋል። ሲስተሙ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ግን የሚከተሉት ምልክቶች ታዩ።

ምልክት፦ ቀኑን ሙሉ ምንም አይመዘገብም፤ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ሁሉም ሰነድ በአንድ ጊዜ ይገባል

ይህን ለማወቅ የእያንዳንዱን ምዝገባ ሰዓትና የመዝጋቢውን ስም የሚያሳየውን ዝርዝር መክፈት ይበቃል። እኛ ዘንድ በአራት ሰዎች ስም የተመዘገበው ሁሉ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የገባ ነበር፤ አራት ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይህን ማድረግ አይችሉም። ነገሩ ሲጣራ፣ የመጋዘኑ አንጋፋ ሠራተኛ አንዱን ወጣት ጠርተው «ልጄ፣ አንተ ጻፍልኝ፤ እኔ ቁጥሩን እነግርሃለሁ» ይሉት እንደነበርና፣ የሌሎቹም ፓስወርድ በዚያው ወጣት ደብተር ላይ እንደተጻፈ ታወቀ። ወጣቱም «እሺ ጋሼ» ከማለት ሌላ የሚለው አልነበረውም።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። የየዕቃው ገቢና ወጪ በእጅ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ሃያ ዓመት የጻፈ ሰው ዕቃ ማስገባትና ማስወጣት ምን እንደሆነ ከአሠልጣኙ በላይ ያውቃል፤ የጎደለው ማውስ የያዘ እጅ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ከልጁ እኩያ ጋር ተቀምጦ «ይህ ቀስት የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል። ስለዚህ የሁለተኛው ዙር ዕቅዳችን ኢ.አር.ፒውን ሳይነካ ጀመረ። ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ አርባ ደቂቃ፣ ማውስ መያዝን፣ በኪቦርዱ ቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ክፍል ቁጥር መጻፍንና ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው በ`Tab` ማለፍን ብቻ አለማመድን። ቡድኑ ከስድስት ሰው አይበልጥም፤ እያንዳንዱም የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ አንጋፋዎቹ ለብቻቸው ናቸው።

ቡድኑን ስንከፍል አንድ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። የትምህርት ደረጃን መለኪያ አድርገን ነበር፤ ይሁን እንጂ ስክሪኑ በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ላይ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የተማሩት ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሱ ሳይቀሩ የአዝራሮቹን ስም ፈጥነው ያነቡ ነበር፤ በአማርኛ ብቻ የተማሩት ግን ፊደል በመለየት ይደክማሉ። ከዚያ በኋላ ቡድን የምንከፍለው ሰው ከስክሪኑ ላይ አስር ቃላትን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚለይ አይተን ሆነ። ለሚቸገሩት ደግሞ በሥራቸው የሚያገኟቸውን አሥራ አምስት የሚሆኑ ቃላት ብቻ ከአማርኛ ትርጉማቸው ጋር በትልቁ አትመን ከስክሪኑ ሥር ለጠፍንላቸው።

ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ላሉት ሳምንታት አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ ረዳቱ አጠገብ ይቆማል፣ በቃል ይመራል፣ ማውሱን ግን አይነካም። ፓስወርድም ለአንድ ሰው የሚሰጠው አስር ሰነድ ያለ ረዳት በተከታታይ መዝግቦ ሲያሳይ ብቻ ነው።

ምልክት፦ «መዝግቤዋለሁ» ይባላል፤ የክምችቱ ቁጥር ግን አልተለወጠም

እዚህ ላይ ምክንያቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስለሆኑ ፍለጋው አጭር ነው። አንደኛው፣ ሠራተኛው ሰነዱን አስቀምጧል እንጂ አላጸደቀውም፤ ኦዱ በተባለው የኢ.አር.ፒ ሶፍትዌር ላይ ለምሳሌ `Validate` የሚለው ካልተነካ ዕቃው ገቢ አይሆንም። የሰነዱ ሁኔታ `Done` ካላለ ሥራው አላለቀም ብሎ ማስተማር፣ ስለ አዝራሩ ከማብራራት ይሻላል፤ ያልተፈረመ የመረከቢያ ደረሰኝ ገቢ እንደማይሆን ሁሉም ያውቃሉና ምሳሌው ከዚያ ይወሰድ። ሁለተኛው፣ እውነተኛው ሰነድ ለልምምድ በተዘጋጀው የሲስተሙ ቅጂ ላይ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። የልምምዱን ስክሪን ቀለም ከዋናው የተለየ ማድረግና፣ ሥራ በተጀመረበት ዕለት ወደ ልምምዱ የሚወስደውን መግቢያ ከመጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ ማንሳት ይበቃል።

ምልክት፦ የአቅራቢው ሒሳብ ትናንት ገብቶ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ያለፈበት ዕዳ ሆኖ ይታያል

ይህ የሒሳብ ክፍል ችግር ነው፤ መነሻውም የዘመን አቆጣጠር ነው። በእጅ የተጻፈው የመረከቢያ ደረሰኝ ግንቦት 12 ቀን 2017 ይላል፤ የአቅራቢው የማሽን ደረሰኝ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ታትሟል። ሠራተኛዋ ከፊቷ ካለው ወረቀት ላይ እንዳለ `12/09/2017` ብላ ስትጽፍ፣ ሲስተሙ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12 ቀን 2017 አድርጎ ይቀበላታል፤ መጻፍ የነበረባት `20/05/2025` ነው። የወሩ ሪፖርት ላይ ግዢው አይታይም፤ የዕዳ ዕድሜ ዝርዝሩ ግን ያጋልጠዋል። ስለዚህ ያንን ዝርዝር በየቀኑ ጠዋት መክፈት ሒሳብ ሠራተኛዋ ከምትማራቸው የመጀመሪያ ልማዶች አንዱ መሆን አለበት።

አንዳንድ አሠልጣኞች «ሰባት ወይም ስምንት ደምሩ» እያሉ ያስተምራሉ። ይህ ዓመቱን እንጂ ቀኑን አይሰጥም፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ደግሞ የቀኑ ልዩነት ለወራት በአንድ ይዛነፋል። የሚሻለው ሁለቱንም ቀን ያተመ የግድግዳ ካሌንደር ከኮምፒውተሩ አጠገብ ሰቅሎ ከዚያ ማንበብና፣ በወረቀቱ ደረሰኝ ላይም ሁለት የቀን ሳጥን አሳትሞ መጋዘኑ ሁለቱንም እንዲሞላ ማድረግ ነው። ከሲስተሙ በኩል፣ መነሻ ሒሳቡ ከተመዘገበበት ቀን በፊት ያለው ጊዜ ይቆለፍ፤ ያኔ የተሳሳተው ቀን ሲጻፍ ሲስተሙ ራሱ ይመልሰዋል። ከመቆለፉ በፊት የገባው ስሕተት ሳይሰረዝ በተቃራኒ ምዝገባ ተመልሶ በትክክለኛው ቀን እንደገና ይመዝገብ።

ምልክት፦ መጋዘኑ በሲስተሙ ላይ ሲሚንቶ ሞልቶታል፤ ሒሳብ ክፍሉ ደግሞ የማይዘጋ ትልቅ ልዩነት አለው

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የወሰደብን ይህ ነው፤ ሁለቱን ክፍሎች አብረን ማሠልጠን እንዳለብን ያስተማረንም እሱ ነው። ጉዳዩን ለልምምድ በያዝነው ዋጋ ላስረዳ፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ለጊዜው ልተወው።

የግዢ ትዕዛዙ 300 ኩንታል ሲሚንቶ፣ አንዱ በ2,000 ብር ይላል። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ስለሆነ መኪናው 600 ከረጢት ይዞ መጣ። መጋዘን ጠባቂው ቆጥረው 3 ከረጢት ተቀዶ ስላገኙ 597 ተረከቡ፤ ሲስተሙ ላይም 597 ብለው ጻፉ። ቆጠራቸው ልክ ነው፤ ሳጥኑ ግን የሚጠይቀው በኩንታል ነበር። ሲስተሙ ስለዚህ 597 ኩንታል፣ ማለትም 1,194 ከረጢት ገቢ አድርጎ በ1,194,000 ብር ያዘው። የአቅራቢው ደረሰኝ ሲደርስ 600,000 ብር ይላል፤ ዕቃው ገብቶ ደረሰኙ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ሒሳብ ላይ 594,000 ብር ተንጠልጥሎ ቀረ።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሠራተኛው የቀድሞ ልምድ ጎጂ ይሆናል። በወረቀት ዘመን እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገኝ በጆርናል ምዝገባ አስተካክሎ መዝጋት የተለመደ ነበር። አሁን እንዲህ ቢያደርግ የተንጠለጠለው ሒሳብ ባዶ ይሆናል፤ መጋዘኑ ግን በሲስተሙ ላይ የሌለ 597 ከረጢት እንደያዘ ይቀራል፤ ጉዳዩም በሰኔ ቆጠራ ላይ የመጋዘን ጠባቂው ጉድለት ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ከሥሩ ነው፦ መረከቢያው በሲስተሙ የመመለሻ ሰነድ ይቀልበስና በ298.5 ኩንታል እንደገና ይመዝገብ። ያኔ ገቢው 597,000 ብር ይሆናል፤ ከደረሰኙ ጋር 3,000 ብር ልዩነት ይቀራል። ይህ 3,000 ብር ግን ስሕተት አይደለም፤ የሦስቱ የተቀደዱ ከረጢቶች ዋጋ ስለሆነ አቅራቢው ዋጋውን የሚቀንስ ክሬዲት ኖት እስኪሰጥ ወይም ከረጢቶቹን እስኪተካ ድረስ ክፍት ሆኖ መታየት አለበት።

በሥልጠናው ላይ ይህን ሰነድ ሆን ብለን በስሕተት አስመዘገብነው። የሳቢያኑን መጋዘን ጠባቂና የከዚራዋን ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ እሳቸው 597 ሲጽፉ በእሷ ስክሪን ላይ ምን እንደሚሆን አሳየናቸው። እሳቸው ቁጥሩን ትክ ብለው አይተው «እኔ የጻፍኩት ከረጢት ነው እንጂ ብር አይደለም» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ መለኪያ ሳጥኑ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። እንዲህ ያለው የጋራ ልምምድ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ በሲሚንቶ፣ በሚስማርና በብረት ደጋግመን ሠራነው፤ ሚስማር በካርቶን ተገዝቶ በኪሎ፣ ብረት በኪሎ ተገዝቶ በቁጥር ይወጣልና።

ከሥልጠናው ጎን የሚስተካከል የሲስተም ሥራም አለ። በመረከቢያው ስክሪን ላይ የመለኪያው ስም ከቁጥሩ አጠገብ ጎልቶ ይታይ፤ ከታዘዘው በላይ ሲመዘገብ ሲስተሙ ያስቁም ወይም የኃላፊ ፈቃድ ይጠይቅ። ይህ በርቶ ቢሆን ኖሮ 597 ከ300 ስለሚበልጥ እዚያው ይቆም ነበር። ይሁን እንጂ ቁጥጥሩ ወደ ታች የሚሳሳተውን አይይዝም፤ ሳጥኑ በከረጢት ሆኖ 298.5 ቢጻፍ ግማሹ ገና ያልደረሰ ይመስላል እንጂ ማንም አያስቆመውም።

ይህን ለመያዝ ቢን ካርዱን ለመጀመሪያው አንድ ወር አላቋረጥንም። ሌላውን የወረቀት መዝገብ ሁሉ አስቀርተናል፤ ሁሉንም በሁለት ቦታ ጻፉ ከተባለ የሚዘለለው ሲስተሙ ነውና። በየቀኑ ከመዘጋቱ በፊት አምስት ዕቃ ተመርጦ ቢን ካርዱ፣ ሲስተሙና መደርደሪያው ይተያያሉ። ሦስቱ ካልተስማሙ በዚያው ዕለት የገባውና የወጣው ሰነድ ብቻ ስለሚታይ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በሩብ ሰዓት ይገኛል። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ቀድሞ ተራ ቁጥር በታተመበት ደረሰኝ ይሠራል፤ ሲመለስ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ይመዘገባል። ወጪው ከገቢው ቀድሞ ከገባ ክምችቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ወይም ሲስተሙ ወጪውን አልቀበልም ይላል። ከአምስቱ ዕቃዎች ሁለቱ ለሦስት ቀን በተከታታይ ካልተስማሙ፣ ያ መጋዘን ወደ ልምምድ ቅጂው ተመልሶ ኩንታልና ከረጢቱን እንደገና ይሠራል።