«ጥያቄ አለህ?» ሲሉህ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከባህር ዳር ሆነው ለውጭ ድርጅት በሪሞት ለመቀጠር ኢንተርቪው ለሚያደርጉ ፕሮግራመሮች ነው።

ችግር፦ «ኮድ ሪቪው ታደርጋላችሁ?» ብለህ ጠየቅክ። «አዎ፣ በደንብ» አሉህ። ምንም ሳታውቅ ወጣህ።

መንስኤ፦ ጥያቄው ከ«አዎ» ሌላ መልስ የለውም። አናደርግም የሚል ድርጅት እስካሁን አልሰማሁም።

መፍትሄ፦ ልማዳቸውን ተወውና መጨረሻ የሆነውን ጠይቅ። «አንተ መጨረሻ የላክኸው ለውጥ መርጅ እስኪደረግ ስንት ጊዜ ፈጀ? ማን አየው? ምን አስተካክል አለህ?» በለው። «ትናንት ጠዋት ልኬ ከሰዓት አለፈ፣ ቴስት ጎድሎታል ስለተባልኩ ጨመርኩበት» ካለህ ሪቪው በእውነት አለ። «እንደ ሁኔታው ነው» ካለህ ግን ወይ ለቀናት ይቆያል፣ ወይ ሳይነበብ ያልፋል። ይህን የሰው ኃይል ክፍሏን አትጠይቃት፣ ኮድ የሚጽፈውን ጠይቅ።

ችግር፦ «ኦን-ኮል ቀላል ነው» ተባልክ፣ ከተቀጠርክ በኋላ ሌሊት ሌሊት ስልክህ ይጮሃል።

መንስኤ፦ ተረኝነቱ በሰዓት ይከፋፈል ወይስ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ሰው ላይ ይሁን አልጠየቅክም።

መፍትሄ፦ እዚህ ላይ ቁጭ ብለህ ሰዓቱን አስላ። ቡድኑ ካሊፎርኒያ ነው እንበል። በበጋቸው እዚያ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲተኙ፣ እዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው (በክረምታቸው ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ በእኛ አንድ ሰዓት ይገፋል)። ተረኝነቱ በሰዓት ከተከፋፈለ የእነሱን ሌሊት አንተ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽምብጥ ሰፈር ቡና እየጠጣህ ትጠብቃለህ ማለት ነው፤ ጥሩ ውል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከሆነ ግን የእነሱ የሥራ ሰዓት መውጫ፣ ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሽበት ሰዓት፣ ለአንተ ሌሊት 9 ሰዓት ነው።

ስለዚህ «ባለፈው ወር ተረኛው ስንቴ ከእንቅልፉ ተነሳ? በማግስቱ አረፍ አለ ወይስ ሥራ ገባ?» በል። ስንት ሰው እንደሚፈራረቅም ጠይቅ፤ 4 ከሆኑ በየወሩ አንድ ሳምንት ያንተ ነው። ጉግል ሁሉም አንድ ቦታ ለሆነ ቡድን ቢያንስ 8 ሰው ይመክራል፣ ትንሽ ድርጅት ይህን ላያሟላ ይችላል፣ ቁጥሩን ሳይደብቅ ከነገረህ ግን ይበቃል።

መብራት የሚጠፋበት ከተማ ስለሆንን አንድ ጨምርበት፦ «ተረኛው በ5 ደቂቃ ካልመለሰ ጥሪው ወደ ማን ይሄዳል?» ሁለተኛ ተረኛ ከሌለ መብራቱ ሲሄድ ጥፋቱ ያንተ ይሆናል።

ችግር፦ ለጥያቄ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀረ።

መፍትሄ፦ የኮድ ሪቪውን ብቻ ጠይቅ። የኦን-ኮሉን የቅጥር ደብዳቤው ሲመጣ፣ ሳትፈርም በፊት በኢሜይል ላክ። ስለ ክፍያውም አብረህ ጠይቅ፣ መልሱን በጽሑፍ ታገኘዋለህ።